ጓደኛህን አሳድገህ «አዳላህ» ስትባል ምን ታደርጋለህ? ከማስታወቂያው እስከ በርጫው

ድሬዳዋ ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ከሆንክ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይመጣብሃል። ከዚራ አብሮህ ያደገው፣ ሳቢያን ጎረቤትህ የሆነው፣ ቅዳሜ በርጫ ላይ አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው አንተ በምትመራው ድርጅት ውስጥ እድገት ይወዳደራል። ከተማዋ ጠባብ ናት፣ ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ ላይ ይገናኛል። ስለዚህ «ጓደኛን ፈጽሞ አታሳድግ» የሚል ደንብ እዚህ አይሠራም፣ ቢሠራም ጎበዝ ሰው ያስቀርብሃል። የሚሠራው ሌላ ነው፦ ጓደኛህ ሲወዳደር አንተ ወሳኝ አትሆንም። ይሄን ሳታደርግ ከቀረህና ወሬው ከተነሣ ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን በተራ ሂድበት። (አንቺም ከሆንሽ ያው ነው፣ በ«አንተ» የጻፍኩት ለአጭርነት ነው።)

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። እንበልና የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ነህ። የፈረቃ ኃላፊ ቦታ ክፍት ሆነ። ሦስት ሰው ተወዳደረ። አንዱ በጽሑፍ ፈተናው ወደቀ። የቀሩት ሁለቱ የማሸጊያ ክፍሉ ልጅና ምርት መስመር ላይ ዓመታት የቆየች ሴት ናቸው። ልጁ ሠርግህ ላይ ሚዜህ ነበር። እሱ አለፈ፣ የእድገት ደብዳቤውን ፈርመህ ሰጠኸው። ሳምንት ሳይሞላ ሻይ ክበብ ውስጥ «ሚዜነት ነው እንጂ ፈተና ነው እንዴ?» ተባለ።

መጀመሪያ፦ አፍህን ያዝ፣ ፋይሉን ግን ቆልፍ

ወሬውን የሰማህ ዕለት ሁለት ነገር ያምርሃል። አንደኛው ማን እንዳወራ ማጣራት ነው። ሁለተኛው ሰው ሰብስቦ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ ሥራውን ታውቁታላችሁ» ማለት። ሁለቱንም ተው።

ያወራውን ሰው ስትፈልግ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል። ዝም ያለ ሠራተኛ ደግሞ ቅሬታውን አልተወም፣ ካንተ ፊት ወደ በርጫው ወሰደው እንጂ። «ልጁ ጎበዝ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይመልሳል። ሰዉ የሚጠይቀው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ልጁ ለቦታው ይመጥናል ወይ? ያንን መወሰን የነበረብህስ አንተ ነህ ወይ? መጀመሪያው ላይ መልስህ «አዎ» ቢሆን እንኳ ሁለተኛው እንዳለ ይቀራል። አብዛኛው ሥራ አስኪያጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እየደጋገመ ሲመልስ ሁለተኛውን ያልሰማ ይመስላል፣ ሠራተኛው ደግሞ የሚናደደው በሁለተኛው ነው።

በዚያው ቀን የምታደርገው አንድ ነገር ነው። የሰው ሀብት ኃላፊዋን ጠርተህ የውድድሩ ሰነድ በሙሉ እሷ ጋ እንዲቀመጥ፣ ካሁን በኋላ አንተም ሳትቀር ማንም እንዳይነካው በጽሑፍ ንገራት። ማስታወቂያው፣ የነጥብ ቅጹ፣ የፈተናው ወረቀት፣ ቃለ ጉባኤው፣ የእያንዳንዱ ጠያቂ የነጥብ ወረቀት። በተለይ የጠያቂዎቹ ወረቀት። አማካዩ ብቻ ተጽፎ የየሰዉ ወረቀት ከተጣለ ነገሩ እዚያው አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የምትለውን ማንም አያምንህም።

ቀጥሎ፦ ነጥቡን ፈታተህ እይ

ይሄ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የነገሩ ልብ እዚህ ነው። በፋብሪካችን ውድድሩ ከመቶ ነበር። የሥራ አፈጻጸም 40፣ የጽሑፍ ፈተና 30፣ ልምድ 15፣ ቃለ መጠይቅ 15። ሚዜህ በቅደም ተከተል 36፣ 22፣ 10 እና 14 አገኘ፣ ድምር 82። ሴቲቱ 33፣ 26፣ 13 እና 8፣ ድምር 80። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ንጹሕ ነው። በሁለት ነጥብ አለፈ።

አሁን እጅህ የነካውን አውጣ። ቃለ መጠይቁ ላይ ሦስት ጠያቂ ነበር፣ አንዱ አንተ። ለሚዜህ 15 ሰጠኸው፣ ሌሎቹ ሁለቱ 13.5 ሰጡት። ለሴቲቱ ሌሎቹ 10 ሰጧት፣ አንተ 4። ያንተን አውጥተህ የሁለቱን አማካይ ብቻ ብትይዝ እሱ 81.5፣ እሷ 82 ይሆናሉ። ተገለበጠ። ልብ በል፣ ውጤቱን የገለበጠው ለጓደኛህ የጨመርከው ብቻ አይደለም፤ ይበልጥ የገለበጠው ለእሷ የቀነስከው ነው። ሰው ለወዳጁ ሲያዳላ ከፍ ያለ ነጥብ ብቻ የሚሰጥ ይመስለናል፣ ብዙ ጊዜ ግን የሚታየው ተፎካካሪው ላይ በተጨከነው ነጥብ ነው። ከሌሎቹ ጠያቂዎች ርቀህ የቆምክበትን ነጥብ ፈልግ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም።

ከዚያ የሥራ አፈጻጸሙን እይ፣ የመጨረሻውን ብቻ አትይ። በዚህ ጉዳይ የቀድሞው የምርት ኃላፊ እያለ ሚዜህ በሁለት ዙር 31 እና 32 ነበር ያገኘው፣ ሴቲቱ ሁለቴም 35። ሰውየው ጡረታ ወጣና ቅጹን አንተ መሙላት ጀመርክ። እሱ ወደ 35 እና 36 ወጣ፣ እሷ ወደ 33 ወረደች። ምናልባት እሱ በእውነት ተሻሽሎ ይሆናል። ያንን የሚያሳይ ነገር አለህ? የምርት መጠን፣ የብልሽት መጠን፣ የቀሪ ቀን ብዛት? ከሌለህ የቀረህ ያንተ አስተያየት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ የተጠረጠረው ነገር ራሱ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ብዙ ሰው የማያየው ነው፦ ውክልና። ከልምዱ 15 ነጥብ ውስጥ 4ቱ «በኃላፊነት የሠራ» ለሚል ነበር። ሚዜህ ያንን 4 እንዴት አገኘው? ከማስታወቂያው በፊት የፈረቃው ኃላፊ ፈቃድ ሲወጣ «አንተ ያዘው» ብለህ በቃል ስለወከልከው ነው። ለማንም ሌላ ሰው ዕድሉ አልተነገረም። ያንን 4 ብታወጣ እሱ 77.5 ላይ ይቀራል። አድልዎ በእድገቱ ቀን አይወለድም ማለት ይቻላል። ቀደም ብሎ፣ ማንም በማይቆጥረው ሰዓት፣ በውክልና፣ በሥልጠና ምርጫና በፈረቃ ድልድል ይገባል፣ ከዚያ በውድድሩ ቀን «ልምድ» ተብሎ ነጥብ ይሆናል። ልጁ ውክልናውን በደንብ ሠርቶት ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቱም የሱ አይደለም። ግን ሌላው በሩ ላይ እንኳ አልደረሰም።

ይሄን ሁሉ ፈታተህ ነጥቡ ካልተነቃነቀ፣ ማለትም አንተ የነካኸው ሁሉ ወጥቶም ጓደኛህ በግልጽ ከበለጠ፣ እድገቱ ይቁም። ወሬ ስለተነሣ ብቻ የሰው እድገት መንጠቅም ሌላ አድልዎ ነው። የሚቀርህ ግንኙነትህን ማሳወቅና ካሁን በኋላ ከሱ ጉዳይ መውጣት ነው። በኛ ጉዳይ ግን ነጥቡ አልቆመም፣ ስለዚህ እንቀጥል።

ለበላይህ ጻፍ፣ አጭር አድርገህ

ወሬው በሌላ ሰው በኩል አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ከመድረሱ በፊት ደብዳቤህ ይድረስ። ይቅርታ አታብዛ፣ ታሪክም አታውራ። እንዲህ ያለ ይበቃል፦

«ለፈረቃ ኃላፊነት የተመረጠው ሠራተኛ የሠርጌ ሚዜና የረጅም ጊዜ ወዳጄ ነው። በውድድሩ ላይ ቃለ መጠይቅ ጠይቄያለሁ፣ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ሞልቻለሁ፣ ከውድድሩ በፊትም በውክልና እንዲሠራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ግንኙነታችንን አስቀድሜ በጽሑፍ አላሳወቅሁም። የእኔ ነጥብ ሲወጣ ውጤቱ ይለወጣል፣ ስሌቱ ተያይዟል። ጉዳዩን እኔ የሌለሁበት ኮሚቴ እንዲያየው፣ እስከዚያም ድረስ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ውሳኔ እንዳልሰጥ እጠይቃለሁ።»

ግንኙነቱን በስሙ ጥራው። «እንተዋወቃለን» አትበል፣ ድሬ ውስጥ ማን የማይተዋወቅ አለ! ሊጻፍ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው፦ ሚዜነት፣ የክርስትና ልጅ፣ አማችነት፣ ብድር፣ አብሮ መነገድ፣ አንድ ዕቁብ ውስጥ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ቋሚ የበርጫ ወዳጅነት። አንድ ዕድር ውስጥ መሆን ብቻውን ብዙ አይደለም፣ ዕድሩ ሁለት መቶ ሰው ሊኖረው ይችላል። ብድር ግን ትንሽም ቢሆን ይጻፍ። ገንዘብ ያበደርከው ሰው ደመወዙ ቢጨምር የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለማ።

ድርጅቱ የቤተሰብ ሆኖ ከበላይህ ማንም ከሌለስ? ባለቤቱ አንተ ከሆንክ የውጭ ሂሳብ ሠራተኛህ ወይም የሌላ ድርጅት የምርት ኃላፊ ነጥቡን እንዲያይልህ ጠይቅ። ውሳኔውን ባይወስንም ስሌቱን አይቶ ይፈርማል።

ኮሚቴው ምን ይሠራል?

ሦስት ሰው ይበቃል። በዚህ ጉዳይ የጥራት ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊዋና አንድ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ። ሁለቱ ኃላፊዎች አንተን አለቃችን ይላሉ፣ ስለዚህ ውጤቱን ለዋናው መሥሪያ ቤት እንጂ ላንተ እንደማያቀርቡ በደብዳቤው ላይ ይጻፍ።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ኮሚቴው የድሮውን ነጥብ ቀጥቅጦ አሸናፊ ላድርግ ቢል፣ ለምሳሌ ያንተን ነጥብ አውጥቶ ሴቲቱን ወዲያው ቢሾም፣ ውጤቱን ካዩ በኋላ ሕግ መቀየር ይሆናል። ያኔ ደግሞ ሚዜህ በተራው ቅሬታ ያነሣል፣ እውነቱንም ነው። የሚሻለው ውድድሩን ሰርዞ መስፈርቱን አስቀድሞ ጽፎ እንደገና ማውጣት ነው። አፈጻጸም የመጨረሻዎቹ አራት ዙሮች አማካይ ይሁን። ውክልና ነጥብ የሚያስገኘው ዕድሉ በሰሌዳ ወጥቶ ከሆነ ብቻ ይሁን። ጠያቂዎቹ አዲስ ይሁኑ፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ይሁን። የጽሑፍ ፈተናው ችግር ስላልነበረበት ውጤቱ ይያዝ፣ ይሄም በማስታወቂያው ላይ ይገለጽ። የወደቀው ሦስተኛ ሰው ደግሞ ልፈተን ካለ ይፈተን።

በዚህ መንገድ ውጤቱ እንዲህ ወጣ እንበል። ሚዜህ በአፈጻጸም 33.5፣ በፈተና 22፣ በልምድ 6፣ በቃለ መጠይቅ 13፣ ድምር 74.5። ሴቲቱ 34፣ 26፣ 13 እና 11፣ ድምር 84። ሦስተኛው ሰው ተፈትኖ እንደገና አላለፈም። አየህ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ አሁንም ሚዜህ በልጧል። አንደበቱ ጥሩ ነው፣ ያንን ማንም አልካደውም። ቦታው ግን የሷ ነው።

የተሰጠውን ደብዳቤ ግን ተነሥተህ አትቅደደው። እድገቱ ደመወዝና የሥራ መደብ የለወጠ ስለሆነ ባንተ ፊርማ ብቻ የሚመለስ አይደለም። የኅብረት ስምምነቱን፣ የሥራ ደንቡንና የሕግ ሰውህን ጠይቅ፣ ከልጁም ጋር በጽሑፍ ተስማማ። እስከዚያ የተከፈለውን የደመወዝ ልዩነት አታስመልሰው፣ ሠርቶበታል። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ድረስም ፈረቃውን የሌላኛው ፈረቃ ኃላፊ ደርቦ ይያዘው። ለሁለቱም ተወዳዳሪዎች ውክልና አትስጥ።

ነገሩን «የአንዲት ሴት ቅሬታ ነው» ብሎ ማቅለልም አያዋጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የእድገት አሰጣጥ ሥርዓትን የሚመለከት ክርክር የወል የሥራ ክርክር ከሚባሉት ውስጥ ነው። ሴቲቱ ዝም ብትል እንኳ ማኅበሩ ሊይዘው ይችላል፣ በስምምነት ካላለቀም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይሄዳል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ይሄ አዋጅ አይመለከትህም፣ የሲቪል ሰርቪሱ ሕግና የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ነው የሚገዛህ።

ሦስት ንግግሮች፣ በዚህ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ከሴቲቱ ጋር። ብቻዋን፣ ቢሮ ውስጥ፣ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ባለችበት። የራሷን ነጥብ በሙሉ አሳያት፣ የሌላውን ሰው ግን አታሳያት። «የኔ ነጥብ ካለበት ውድድሩ አይታመንም፣ ስለዚህ ወጥቻለሁ። ኮሚቴው በዚህ ቀን ማስታወቂያ ያወጣል» በላት። ቦታው የሷ እንደሚሆን ቃል አትግባ። «እኔኮ አንቺን በጣም ነው የማከብረው» ማለትም አያስፈልግም፣ 4 የሰጠሃት አንተ ነህ። ምናልባት «ለምን 4?» ብላ ትጠይቅሃለች። ወረቀቱ ላይ የጻፍከው ምክንያት ካለ አንብብላት። ከሌለ «አልጻፍኩም» በል፣ አሁን ምክንያት አትፍጠር።

ሁለተኛው ከጓደኛህ ጋር፣ በዚያው ቀን። በርጫ ላይ አይደለም! ቢሮ ውስጥ። ቤት ወይም በርጫ ላይ ከነገርከው እንደ ጓደኛ ይመልስልሃል፣ «አቦ ተወው፣ እኔ አልከፋም» ይልሃል፣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስልሃል። ቢሮ ውስጥ ግን ሠራተኛ ነው፣ መብቱን የመጠየቅ ቦታ ያገኛል። ንገረው፦ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ፣ እንደገና መወዳደር እንደሚችል፣ የተከፈለው እንደማይመለስ። ይናደዳል። ልክ ነው፣ ይናደድ። አሥር ቀን በርጫ ሊቀር ይችላል፣ አትለምነው።

ሦስተኛው ለሁሉም፣ ፈረቃ ሲቀየር ቆሞ የሚባል፣ አምስት ደቂቃ። ምን እንደተሰረዘ፣ ማን እንደሚያየው፣ መቼ እንደሚያልቅ። እዚህ ጋ ከመሃል አንዱ ነገሩን ወደ ብሔር ወይም ወደ ሃይማኖት ሊያዞረው ይችላል፣ እንዲህ ያለ ነገር በቶሎ ይቀጣጠላል። «እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም» ብለህ አትከራከር። ይሄ ንግግር ማለቂያ የለውም፣ ማንም በንግግር ንጹሕ መሆኑን አስመስክሮ አያውቅም። «መስፈርቱ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ኮሚቴው ውስጥ እኔ የለሁም፣ ቅሬታ ያለው ለተወካዩ በጽሑፍ ይስጥ» በልና ጨርስ።

ከዚያ በኋላ፦ ትንንሾቹን ውሳኔዎች አስተላልፍ

ጓደኛህ ቦታውን ቢያገኝም ባያገኝም አሁንም ያንተ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ለሱ የሚሆኑ ውሳኔዎች ወደ ሌላ ሰው ይሂዱ፣ በጽሑፍ፣ በስም። የሥራ አፈጻጸሙን የጥራት ኃላፊው ይሙላ። ፈቃድ፣ የደመወዝ ብድር፣ ዲሲፕሊን፣ ሥልጠና፣ ውክልና በሰው ሀብት በኩል ያልፉ። አንተ ጋ የሚመጣው ያለቀ ወረቀት ነው፣ እሱንም የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው።

ከነዚህ ሁሉ የምትረሳው የትርፍ ሰዓት ድልድሉን ይሆናል። በአዋጁ በሕዝብ በዓል ቀን ትርፍ ሰዓት የሠራ ሰው በሰዓት ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ስለዚህ በበዓል መግባት የሚፈልገው ብዙ ነው፣ ማን እንደሚገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቃል ነው የሚወሰነው። እዚያ ወረቀት ላይ የጓደኛህ ስም ሁለቴ በተከታታይ ከታየ ሠራተኛው ኮሚቴውን፣ ደብዳቤውን፣ አዲሱን ውድድር ሁሉ ይረሳዋል። ድልድሉ በተራ ይሁን፣ ተራውም ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

በርጫውስ? ወዳጅነትህን አቁም የሚልህ የለም። የሥራ ወሬ ግን እዚያ አይሂድ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጓደኛህ አንድ የሥራ ዜና ከሌላው ሠራተኛ ቀድሞ የሰማው ከሆነ፣ ማስታወቂያ ሊወጣ መሆኑን፣ ማሽን ሊመጣ መሆኑን፣ ማን ሊቀነስ መሆኑን፣ ወሬው ትክክል ነው። ሌላው ሠራተኛ ይሄንን እንዴት ያውቃል ብለህ እንዳትታለል። ልጁ ራሱ ይናገረዋላ፣ በኩራት።

ነገሩ መርገቡን ከምን ታውቃለህ? ሻይ ክበቡ ጸጥ ማለቱ ምልክት አይደለም፣ ሰው ተስፋ ሲቆርጥም ጸጥ ይላል። ቀጣዩ የእድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሰው እንዳመለከተ ቁጠር። ቀድሞ አምስት ስድስት ሰው ያመለክትበት ለነበረ ቦታ ሁለት ሰው ብቻ ከመጣ ሠራተኛው ውጤቱ አስቀድሞ ተወስኗል ብሎ አምኗል ማለት ነው። ያኔ ያላመለከቱትን አንድ በአንድ ጠይቃቸው፣ ግን አንተ አይደለህም የምትጠይቀው፣ የሰው ሀብት ኃላፊዋ ናት። «ለምን አላመለከትክም?» ብላ ስትጠይቅ የሚመጣው መልስ «ለማን ብዬ!» ከሆነ የትኛው ድልድል ላይ አሁንም እጅህ እንዳለ ፈልግ።